ስብከት ሲቆረጥ መልሱ እንዳይቀር

«የአንድ ሰዓት ስብከት አጫጭር ክሊፕ አድርጌ መልቀቅ እፈልጋለሁ። ትርጉሙ ሳይዛባ የት የት ልቁረጠው?»

ወንድሜ፣ በደቂቃ አትቁረጠው፣ በሐሳብ ቁረጠው። መጀመሪያ ሙሉውን ስማና ሰባኪው ጥያቄ የሚያነሳበትንና የሚመልስበትን ሰዓት ጻፍ። ትልቁ ጥፋት የሚፈጠረው እዚያ ነው።

ለምሳሌ ሮሜ 6ን ሲሰብክ «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑር?» ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርግና ዝም ይላል፤ ሕዝቡም ይንጫጫል። ለክሊፕ የሚያጓጓው ቦታ ይሄ ነው፣ ግን ቁጥር 2 ላይ ያለው «አይደለም» ከተቆረጠ ጳውሎስ የተቃወመውን ነገር ሰባኪው ያስተማረ ይመስላል። ስለዚህ ከጥያቄው ጀምረህ መልሱ ከነምክንያቱ እስኪያልቅ ተወው። ዩቲዩብ ሾርትስ እስከ 3 ደቂቃ ስለሚፈቅድ 60 ሰከንድ ውስጥ ለማስገባት አትጨነቅ። ዝምታውንም አታጥፋው፣ ሰው ጥያቄ መሆኑን የሚያውቀው በእሱ ነው።

ክሊፑ «ይሄ ማለት» ወይም «እነሱ» ብሎ ከጀመረ ወደኋላ ተመለስና ማንን እንደሚል የሚናገርበትን ዓረፍተ ነገር ጨምር። ከ10ኛውና ከ40ኛው ደቂቃ ያሉ ንግግሮችን ግን በፍጹም አታጋጥም፣ ያላለውን ነው የምታስብለው። ርዕሱንም ከመልሱ ውሰድ፣ የሙሉውን ስብከት ሊንክ ከሥሩ አስቀምጥ።

ከመልቀቅህ በፊት ስብከቱን ላልሰማ ሰው አሳየውና «ምን አስተማረ?» በለው። ከተሳሳተ ክሊፑን አስረዝመው።