«ምናምን» ሲወጣ «ማኅበረ-ኢኮኖሚያዊ» ገባ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ ደቻቱ አንድ አንቀጽ ጽፌ ለአማርኛ መምህራችን ብሰጣቸው «ይሄ የመንገድ ወሬ ነው» ብለው መለሱልኝ። አስተካክዬ ስወስድላቸው ደግሞ «አሁን የስብሰባ ሪፖርት ሆነ» አሉኝ። ሁለቱንም ልኬልዎታለሁ። ታዲያ እንዴት ነው የሚጻፈው?

መልስ፦ መምህርሽ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ናቸው። ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ደቻቱ ማለት ያው ወንዝ ነው ይባላል እንጂ ውሃ ምናምን የለውም፣ አሸዋ ብቻ ነው። ሰዉ እዛ ላይ ይሸጣል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ባጃጅ ሁላ ያቋርጠዋል። ግን ክረምት ላይ ተራራው ጋ ዝናብ ከዘነበ በቃ አለቀ፣ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፉ ይመጣል። በ98ማ ሰዉ ተኝቶ እያለ ነው የመጣው፣ ስንቱን ወሰደው። አያቴ ድምፁን ስትሰማ ሸመንደፈር መስሏት ነበር አለችኝ።»

ይህን ያነበበ ሰው ደቻቱን አይቶ ባያውቅም ያየዋል። ሁለተኛውን ያነበበ ግን ምንም አያይም፦

«እንደሚታወቀው በከተማችን ድሬዳዋ የሚገኘው የደቻቱ ወንዝ በአብዛኛው ወቅት የውሃ ፍሰት የማይታይበት ሲሆን በአሁኑ ሰዓት ነዋሪዎች የተለያዩ ማኅበረ-ኢኮኖሚያዊ እንቅስቃሴዎችን የሚያካሂዱበት ሥፍራ ሆኖ ይገኛል። ይሁን እንጂ በክረምት ወቅት በከፍተኛ ቦታዎች ከሚፈጠር የዝናብ መጠን መጨመር ጋር በተያያዘ ድንገተኛ የጎርፍ አደጋ የሚከሰት መሆኑ ይታወቃል። በ1998 ዓ.ም. በተከሰተው አስከፊ የጎርፍ አደጋም በሕፃናቶችና በአረጋውያኖች ሕይወት ላይ ከፍተኛ ጉዳት የማድረስ ሁኔታ ተፈጥሯል።»

አያትሽ ከነሸመንደፈራቸው ጠፉ። ኳሱም ባጃጁም የለም። «የመንገድ ወሬ» ስትባዪ ጥፋቱ በስሞቹ ላይ የመሰለሽ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ስሞቹን እያነሳሽ በትልልቅ ስሞች ተካሻቸው። ግን አሸዋ አሸዋ ነው፤ በጽሑፍም ከዚህ የከበረ ስም የለውም። የመጀመሪያው አንቀጽ ወሬ የሚመስለው በትናንሾቹ ቃላትና በግሱ አቀማመጥ ነው። ሁለተኛውን ያሳበጠውም ግሱ ላይ የደረሰበት ነገር ነው።

ከትናንሾቹ እንጀምር። «ያው»፣ «ምናምን»፣ «ሁላ»፣ «በቃ»፣ «በ98ማ» ላይ ያለችው «ማ»፦ እነዚህን በቀይ እስክሪብቶ ጠራርጎ ማውጣት ቀላል ነው፤ ብዙ መምህራንም ይህንኑ ያስተምራሉ። እኔ ግን ከማውጣትሽ በፊት እያንዳንዷ ምን ሥራ ስትሠራ እንደነበር እይ እላለሁ። «ያው» ሥራ የላትም፤ አፍ ማሟሻ ናት፣ ትውጣ። «ምናምን» ደግሞ የምትሠራው ለሰነፍ ነው፤ «ሌላም አለ፣ ግን አልናገረውም» ማለት ናት። እዚህ ከውሃ ሌላ የምትጠቁመው ነገር ስለሌለ ትወጣለች፤ ሌላ ቦታ «ሽንኩርት ምናምን ይሸጣሉ» ብትዪ ግን መሰረዝ ብቻ አይበቃም፣ ምኑን እንደሚሸጡ መጻፍ አለብሽ።

«ሁላ» እውነተኛ ሥራ አላት። «ባጃጅ ሁላ ያቋርጠዋል» ስትዪ «እግረኛው ይቅርና ባጃጅ እንኳ» ማለትሽ ነው፤ ወንዙ ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ የምታሳይው በእሷ ነው። ብትሰርዣት «ባጃጅ ያቋርጠዋል» የሚል ባዶ ወሬ ይቀራል። በጽሑፍ ሥራዋን የሚረከባት «ሳይቀር» ነው፦ «ባጃጅ ሳይቀር ያቋርጠዋል»። «በቃ አለቀ» ወደ ጎርፉ መድረሻ ናት፤ ጎርፉን ራሱን ቀጥለሽ ስላመጣሽው ያለ እሷም ይገባናል።

«ስንቱን ወሰደው» ለየት ይላል። አንድ ሰው ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ ብትነግሪው ራሱን ይነቀንቃል እንጂ «ስንት?» ብሎ አይጠይቅሽም። ወረቀት ላይ ግን አንባቢው ይጠይቃል። ቁጥሩን ከታመነ ቦታ ካገኘሽ ጻፊው፣ ካላገኘሽ «ብዙ ሰው» በቂ ነው።

ቀጥሎ የግሱ ቦታ። «ሰዉ ተኝቶ እያለ ነው የመጣው።» ይህ «ነው» መሃል ገብቶ ግሱ ወደ ኋላ የቀረበት አነጋገር የአፍ አማርኛ ነው፤ ስንናገር አጉልተን ማለት የምንፈልገውን እናስቀድምና ሌላውን እናስከትላለን። የጽሑፉ ሥርዓት ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ይፈልጋል፦ «የመጣው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው።» ትኩረቱ አልተነካም፤ ቃላቱ ቦታ ተለዋወጡ፣ «እያለ»ም «ሳለ» ሆነ። ከተማሪዎች ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር ብቻ አስተካክል ብባል ይህችን አስተካክላለሁ፤ አንቀጹ ወዲያው ሌላ መልክ ይይዛል።

«እዛ»ን «እዚያ»፣ «ይሄ»ን «ይህ»፣ «አረገ»ን «አደረገ»፣ «ሚመጣ»ን «የሚመጣ» ማድረግ ታውቂበታለሽ። «ተራራው ጋ» ላይ ግን ጠንቀቅ በዪ። «ጋ» የአፍ ቃል ስለምትመስል ተማሪው «ር» ጨምሮ «ተራራው ጋር» ያደርጋታል። «ጋር» አብሮነት ነው። ተራራው ከዝናቡ ጋር ተያይዞ አልዘነበም። የምትፈልጊው ቦታን ነው፤ «ተራራው ላይ» በዪ።

አሁን ወደ ሁለተኛው። ግሶችሽ የት ሄዱ? «አይፈስም» የሚለው «የውሃ ፍሰት የማይታይበት» ሆነ። «ሲዘንብ» የሚለው «የዝናብ መጠን መጨመር» ሆነ። ግሱን ወደ ስም ትለውጪውና ስሙ ራሱን ችሎ መቆም ስለሚያቅተው «የሚታይ»፣ «የሚካሄድ»፣ «የሚፈጠር» የሚባል ምርኩዝ ታስይዢዋለሽ። የስብሰባ አማርኛ ዋና ብልሃት ይህ ነው፤ «ተወያዩ» ማለት ሲቻል «ውይይት አካሄዱ»፣ «ረዱ» ማለት ሲቻል «የድጋፍ ሥራ አከናወኑ» ይላል። መድኃኒቱ ምርኩዙን ነጥቆ ከስሙ ውስጥ ግሱን መልሶ ማውጣት ነው።

አንዳንዴ ስሙን ስትፈለቅቂው ውስጡ ግስ አታገኚም። «ማኅበረ-ኢኮኖሚያዊ እንቅስቃሴ ያካሂዳሉ» ውስጥ ምን አለ? «ይንቀሳቀሳሉ» ብትዪ ምንም አልነገርሽንም። እንዲህ ሲሆን ችግሩ ግሱ መደበቁ ሳይሆን ነገሩ ራሱ መጥፋቱ ነው፤ መጀመሪያ ያየሽውን አስታውሰሽ «ይነግዳሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ» ብለሽ ትመልሺዋለሽ።

ከሁሉ የከፋችብኝ የመጨረሻዋ ናት፦ «በሕይወት ላይ ከፍተኛ ጉዳት የማድረስ ሁኔታ ተፈጥሯል።» ማን አደረሰ? ሁኔታ። ምን አደረገ? ተፈጠረ። የሞተ ሰው የለም፣ የገደለ ጎርፍም የለም። «ጎርፉ ብዙ ሰው ገደለ» ብትዪ ግን ሦስቱም አሉ፤ ቃሉም የጽሑፍ ቃል ነው፣ ማንም መምህር አያርምሽም። በዚያው ዐረፍተ ነገር «ሕፃናቶች» እና «አረጋውያኖች» አሉ። «ሕፃናት» እና «አረጋውያን» በግዕዙ ደንብ አስቀድመው በዝተዋል፤ «ኦች» ሲጨመርባቸው ሁለቴ በዙ። «ሕፃኖች» ወይም «ሕፃናት»፣ አንዱን።

ይህን ስላልኩ ግን «አካሄደ»ን ባየሽበት ሁሉ እንዳትሰርዢ። ምርጫ ቦርድ ምርጫ ያካሂዳል እንጂ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። ምርኩዙ ሲነጠቅ ትርጉሙ የሚለወጥ ከሆነ ምርኩዝ አልነበረም፣ የራሱ እግር ነው።

ደግሞ «ጠብ ሳይል»ን ለምን አወጣሽው? «ጠብ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ቁጭ አለ» ከአፍ ስለምንሰማቸው የወሬ ይመስሉናል። አይደሉም። የአማርኛ የራሱ የግስ አሠራር ናቸው፣ ከጥብቅ ጽሑፍም ውስጥ ይገባሉ። «ድሬዳዋ ላይ ጠብ ሳይል» የአንቀጽሽ ዋና ነገር ነው፤ ጎርፉን አስፈሪ የሚያደርገው ዝናቡ በደንገጎ ተራሮች በኩል ጥሎ ከተማው ደረቅ እንደሆነ መድረሱ ነው። «ድንገተኛ» በሚል አንድ ቃል ብትተኪው ለምን ድንገተኛ እንደሆነ አይታወቅም።

እንግዲህ የአንቺኑ የመጀመሪያ አንቀጽ ይዤ ከላይ ያልኩትን ባደርግበት እንዲህ ይሆናል፦

«ደቻቱ ወንዝ ቢባልም ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም፤ አሸዋ ብቻ ነው። እዚያ አሸዋ ላይ ሰው ይነግዳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ባጃጅ ሳይቀር ያቋርጠዋል። ክረምት ገብቶ በደንገጎ በኩል ባሉት ተራሮች ላይ ከዘነበ ግን ድሬዳዋ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. የመጣው ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነበር፤ ብዙ ሰው ገደለ። አያቴ ድምፁን ስትሰማ ሸመንደፈር መስሏት እንደነበር ነግራኛለች።»

«ባጃጅ»ን «ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ» አላልኩም፤ ስሙ ባጃጅ ነው። «ድሬ» ግን «ድሬዳዋ» ሆነች፣ «98»ም ሙሉ ዓመተ ምሕረቱን አገኘ፤ የከተማው ሰው ላልሆነ አንባቢ ስለምትጽፊ።

ሁለት ነገር ላይ መምህርሽ ሊከራከሩሽ ይችላሉ። አንዱ «ሸመንደፈር» ነው፤ «ባቡር በዪ» ይሉሽ ይሆናል። በራስሽ ቃል ስትጽፊ «ባቡር» በዪ፣ እስማማለሁ። ይህ ግን ያያትሽ ጆሮ የሰማው ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ይዞት የመጣው የፈረንሳይኛ ቃል ባያትሽ አፍ የከተማው ቃል ሆኗል። ቦታው እዚያ ስለሆነ ይቆይ።

ሁለተኛው «ነግራኛለች» ነው። ለአያት «ነግረውኛል» ይባላል ሊሉሽ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፉም እንዲሁ ይላል፣ እኔም ከላይ ያያትሽን ነገር ሳነሳ ሳላስበው «ጠፉ» ብያለሁ። ሐረርና ድሬ ግን አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ እኔ ሐረር ሳድግ ለአያቴ «አንቺ» ስል ማንም አልቆጣኝም፣ አዲስ አበባ ሄጄ ነው የቀጡኝ። (ይኸው «ነው» መሃል ገባብኝ። ለአንቺ እየነገርኩሽ ስለሆነ እተወዋለሁ።) ቤታችሁ እንዲህ ከሆነ «ነግራኛለች» ንቀት አይደለም፣ የአንቀጽሽንም ደረጃ አያወርድም። ደረጃውን የሚያወርደው «አያቴ ሲሰሙ … መስሏት» ብለሽ አንቱታና አንቺታን ባንድ ዐረፍተ ነገር ብትቀላቅዪ ነው። የመረጥሽውን እስከ መጨረሻው ያዢው፤ መምህርሽ «አንቱ ይሁን» ካሉ ግን ሦስቱንም ግሶች አብረሽ ለውጪ፦ «ሲሰሙ»፣ «መስሏቸው»፣ «ነግረውኛል»።