ስማርት ሶኬቱ ዋይፋይ አልይዝ ሲል

«ፒያሳ አፓርታማ ነው የምኖረው። አዲስ ስማርት ሶኬት ገዝቼ አፑ ሲፈልግ ይቆይና አልተገናኘም ይላል። ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ስልኬም ዋይፋይ ላይ ነው። ልመልሰው?»

ኧረ አትመልሰው ወንድሜ። ሶኬቱ የሚሰማው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ራውተርህ 2.4ንና 5ን በአንድ ስም ስለሚለቅ ስልክህ ሳታውቀው 5ን ይዟል። አፑ ሲያገናኝ ስልኩ የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ በአየር ላይ ይለቃል፤ በ5 ከለቀቀው ሶኬቱ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። (ራውተሩ ላይ 5G የሚለው የሞባይሉ 5ጂ አይደለም፣ ሱቅ ውስጥ ሲያደባልቁት ይገርመኛል።)

1. መጀመሪያ ሶኬቱን ፈትን። በሌላ ስልክ ሆትስፖት ክፈትና Band የሚለውን 2.4 አድርገው፤ አይፎን ከሆነ Maximize Compatibility የሚለውን አብራ። የራስህን ስልክ እዚያ ላይ አድርገህ ሞክር። ከያዘ ሶኬቱ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ራውተሩ ላይ ነው።

2. የራውተሩን አድራሻ ከጀርባው ካለው ወረቀት አንብብ፤ ብዙ ሁዋዌዎች ላይ 192.168.100.1 ነው። አድራሻውን ብራውዘር ላይ ጽፈህ ክፈትና WLAN ውስጥ ገብተህ የ5ጊጋኸርዙን ስም ብቻ ቀይር፣ ለምሳሌ መጨረሻው ላይ _5G ጨምርበት። Band Steering የሚል ካለ አጥፋው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ የ2.4ቱን ስም ይቀይሩታል። ያኔ ቀድሞ የተገናኘው ካሜራም ቴሌቪዥንም በአሮጌው ስም ሲፈልግ ይቀርና ሁሉንም እንደገና አንድ በአንድ ማገናኘት ይመጣል። የ2.4ቱን ስምና ፓስወርድ እንዳለ ተወው። ሴኩሪቲው WPA3 ብቻ ከሆነ ወደ WPA2 መልሰው፣ ብዙዎቹ ሶኬቶች WPA3 አያውቁም። ከዚያ ስልክህ _5G ያለውን ስም ትቶ የድሮውን መያዙን አይተህ፣ የሶኬቱን ቁልፍ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ እስኪል ተጭነህ እንደገና ሞክር።

3. ተከራይ ሆነህ የራውተሩ መግቢያ ፓስወርድ አከራዩ ጋ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። የSmart Life አፕ የሚጠቀሙት ሶኬቶች ላይ ቁልፉን 5 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ስትይዝ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ይላል። ለቀህ አሁንም እንደዚያው ስትይዘው ዝግ ብሎ፣ በ3 ሰከንድ አንዴ ያህል፣ ብልጭ ይላል። ይሄ AP Mode ነው፤ ሶኬቱ በራሱ SmartLife- ብሎ የሚጀምር ዋይፋይ ይከፍታል። አፑ ላይ AP Mode መርጠህ የቤቱን ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ጻፍ፣ ከዚያ ስልክህን ከሶኬቱ ዋይፋይ ጋር አገናኝ። ሞባይል ዳታህን ቀድመህ ዝጋ፤ ያ ዋይፋይ ኢንተርኔት ስለሌለው ስልኩ ጥሎት ወደ ዳታ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ የሚያቋርጠው ይሄ ነው።

አንዴ ከተገናኘ ስልክህ 5ም ላይ ቢሆን፣ ከቤት ውጭም ብትሆን ሶኬቱ ይታዘዛል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሶኬቱ ከራውተሩ ቀድሞ ስለሚነሳ ጥቂት ደቂቃ አልተገናኘም ይልሃል። ራውተሩ እስኪነሳ ጠብቀው እንጂ ቁልፉን ተጭነህ አትያዘው፣ ያገናኘኸውን ያጠፋብሃል።