ለእናቴ ሙት ዓመት ምን ልጻፍ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናቴ ያረፈችው ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ወንድሞቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ እኔ አሜሪካ ነኝ። የፊታችን ኅዳር ሙት ዓመቷ ነው። ፌስቡክ ላይ ላወጣው ይሄን ጻፍኩ፦ «ውዷ እናቴ፣ ገነት ገብተሽ ከመላእክት ጋር መዘመር ከጀመርሽ ዛሬ ድፍን አንድ ዓመት። አንቺ ከሌለሽበት መኖር ትርጉም የለውም። ስልክሽን ያላነሳሁባት ያቺ ማታ እስክሞት ትገድለኛለች። ዛሬ በስምሽ 50 ችግረኞች አበላን። ነፍስሽን በገነት ያኑርልኝ።» ወንድሜ አይቶ «በዛ» አለኝ። መጀመሪያ ሌላ ነገር ነበር የጻፍኩት። በየወሩ የሚካኤል ለት ዝክር ታወጣ ነበር። ድፎው ተባርኮ ሲቆረስ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለሰፈራችን ዘበኛ ትልክለታለች። የምወስደው እኔ ነበርኩ፤ ሳይቀዘቅዝ እንድደርስ ታስሮጠኛለች። ተራ ነገር መሰለኝና አጠፋሁት። ምን ላድርግ? መጻፉስ ራሱ ነውር አለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። መጻፉ ነውር የለውም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስማቸው አንሥቷል። ግን ልብ ብለሽ እዪው፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። ግብዝነት የሌለበት እምነት በእነሱ እንደነበረ ተናግሮ ያልፋል።

ወንድምሽ «በዛ» ያለው ርዝመቱን አይመስለኝም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መስመርሽን አንድ ላይ አንብቢያቸው። መጀመሪያ ላይ ገነት ገብታለች ትያለሽ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ገነት እንዲያኖራት ትለምኛለሽ። ገብታ ካለቀ ልመናው ለምንድነው? ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የምትጸልየው ፍርዱን ለባለቤቱ ትታ ነው። «ነፍሷን ያሳርፍልን»፣ «በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» እንላለን። ልመና ነው እንጂ ማስታወቂያ አይደለም። ስለዚህ የመጨረሻውን ያዢ፣ የመጀመሪያውን ተዪው። እናትሽን ማሳነስ እንዳይመስልሽ። እኛ የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርገን አንናገርም፤ ይኸው ነው።

«መኖር ትርጉም የለውም» የምትለዋ ሁለት ነገር ልትሆን ትችላለች። ሰው ሁሉ ስለሚጽፋት የገባች ከሆነች ትውጣ። ሐዋርያው በተሰሎንቄ መልእክቱ ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ አለ እንጂ አትዘኑ አላለም። ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ስለዚህ ማልቀስሽን ማንም አይከለክልሽም። እውነት እንዲህ እየተሰማሽ ከሆነ ግን ፌስቡክ ላይ ጽፈሽ አትተኚ። ዛሬውኑ ለወንድምሽ ደውዪ፣ ለካህንሽ ንገሪ፣ ሐኪምም አማክሪ። ይሄን ለጽሑፉ ብዬ አይደለም የምልሽ።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ያንን ፌስቡክ ላይ ብታወጪው 200 ሰው «አይዞሽ» ይልሻል። ይሄ ጥሩ ነው፤ ግን ከነዚያ ሁሉ አንዱም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሊልሽ አይችልም። ሸክም ከሆነብሽ ቦታው የንስሐ አባትሽ ዘንድ ነው። እሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ለምን እንዳላነሳሽ ይመስለኛል። ከሥራ ደክመሽ ገብተሽ፣ እንቅልፍ ጥሎሽ ከሆነ ኀዘን እንጂ ኀጢአት ላይሆን ይችላል። ተኳርፋችሁ፣ «ትደውል፣ አላነሳም» ብለሽ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ ንስሐ ይሰጡሻል። ስግደትም ሊሆን ይችላል፣ ምጽዋትም፣ ዳዊት መድገምም። አንዴ ከተፈታሽ በኋላ በየዓመቱ በኅዳር እየመዘዝሽ አታውጪው። ሁለቱን የሚለይልሽ እሳቸው ናቸው። እኔ በደብዳቤ፣ ወዳጆችሽ በኮመንት ልንለየው አንችልም።

ስለ 50ዎቹ አጭር ነው። ቀኝሽ የምትሠራውን ግራሽ አትወቅ ተብሏል። ማብላታችሁ ትክክል ነው፤ ጌታም ግብዣ ስታደርጉ ብድር መመለስ የማይችሉትን ጥሩ ብሏል። ቁጥሩ ግን ከጽሑፉ ይውጣ። ፎቶም አይነሣ። ጎርሶ ሳይጨርስ ካሜራ የተደቀነበት ሰው የበላው አይጣፍጠውም። የሬሳ ሣጥንና የአልጋ ላይ ፎቶም ይቅር። ነጠላዋን አጣፍታ የተነሣችው አንድ ፎቶ አይጠፋም።

ታዲያ ምን ቀረ? ዳቦው ቀረ። ተራ ብለሽ ያጠፋሽው እሱ ነው የእናትሽ። ገነት፣ መላእክት፣ ዓለም ጨለመ የሚለው የማንም እናት ጽሑፍ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ትኩስ ቁራሽ ይዛ ወደ ዘበኛው የምትሮጥ ልጅ ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ደግሞም ያረፈችው ኅዳር 12፣ በዓመታዊው የሚካኤል በዓል፣ ያንኑ ዝክር በምታወጣበት ቀን ነው። አንቺ ቁጭ ብለሽ ልታገጣጥሚው አይገባም። ቀኑን ጻፊው፣ ዳቦውን ጻፊው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቀኑን ካነሣን አይቀር፣ ስልክሽ እንዳያሳስትሽ። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ስለነበር ኅዳር 12 ቀን 2016 በፈረንጁ ኖቬምበር 22 ነበር የዋለው። ዘንድሮ በ2017 ግን ኖቬምበር 21 ነው። በስልክሽ ማስታወሻ ከሄድሽ ወንድሞችሽ ጸሎቱን ጨርሰው ሲበተኑ አንቺ በማግስቱ ትጀምሪያለሽ። በዓሉ ሐሙስ ነው የሚውለው። እናንተ ጋ በሥራ ምክንያት ወደ ሰንበት መግፋት ተለምዷል፤ አይከፋም። ቢሆንም እሑድ ኅዳር 15 ነው፤ ጾመ ነቢያት ይገባል። እሑድ ከሆነ ማዕዱ የጾም ይሁን። ካልሆነ ቅዳሜን ያዙት።

ከጽሑፉ በፊት ግን የክርስትና ስሟን ለካህኑ ላኪ። በጸሎተ ፍትሐት የምትጠራው በእሱ ነው፤ የቤት ስሟን ሰፈር ሁሉ ቢያውቀውም እዚያ አይጠራም። ብዙ ልጆች አያውቁትም፤ ባለቀ ሰዓት «ማን ነበር ስሟ?» እየተባለ ከአክስት ወደ አክስት ሲደወል ስንቴ አይቻለሁ። ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ የሚገዛበትንም አብረሽ ላኪ። ጽሑፉን ከጸሎቱ በኋላ አውጪው።

እኔ ብሆን ካንቺው ቃል ወስጄ እንዲህ እጽፈው ነበር። የክርስትና ስሟን አንቺ ታስገቢያለሽ፦

«እናታችን ወለተ … ያረፈችው ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በየወሩ በሚካኤል ዝክር ድፎው ሲቆረስ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለሰፈራችን ዘበኛ ትልክ ነበር። የምወስደው እኔ ነበርኩ። ሳይቀዘቅዝ እንድደርስ ታስሮጠኝ ነበር። የምታውቋት በጸሎታችሁ አስቧት። እግዚአብሔር ነፍሷን ያሳርፍልን።»

ዘበኛው በሕይወት ካለ ደግሞ፣ የዚያን ለት የመጀመሪያውን ቁራሽ ወንድምሽ ያድርስለት። ይሄኛው አይጻፍም።