ጥያቄና መልስ፦ ከአሥር ዘጠኙ ጉልበት የት ገባ?

ሰላም፦ ጋሽ ደረጀ፣ ጉልበት ከዕፅዋት ወደ ዕፅ በል፣ ከዚያም ወደ ሥጋ በል ሲያልፍ ለሚቀጥለው የምግብ እርከን አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ የሚደርሰው ለምንድን ነው?

ደረጀ፦ ሦስት ቦታ ላይ ስለሚቀነስ። አባጨጓሬን ውሰጂ። መጀመሪያ ነገር ቅጠሉን ሁሉ አይበላውም፤ የተረፈው ረግፎ የፈንገስና የባክቴሪያ ሲሳይ ይሆናል። የበላውም ቢሆን ሁሉም አይፈጭለትም፤ 200 ጁል ያለው ቅጠል ቢበላ 100ው ያህል በኩሱ ይወጣል። ከቀረው 100 ደግሞ 67ቱን ለመንቀሳቀስና ሕይወቱን ለማቆየት በትንፈሳ ያቃጥለዋል። ሥጋ ሆኖ ለወፏ የሚጠብቃት 33 ብቻ ነው። ከ200 አንጻር 16 በመቶ ተኩል መሆኑ ነው። አባጨጓሬዎቹ ከበቀለው ቅጠል ግማሹን ብቻ በልተው ከሆነ ደግሞ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል።

ብርሃኑ፦ ባጭሩ 90 በመቶው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል ማለት ነው።

ደረጀ፦ አይደለም። ሙቀት የሆነው 67ቱ ነው። ኩሱና የረገፈው ቅጠል ጉልበታቸውን እንደያዙ ናቸው፤ ሌላ በላተኛ አላቸው።

ትዕግሥት፦ የእኔ ዶሮዎች 2 ኪሎ መኖ በልተው 1 ኪሎ ይጨምራሉ። 50 በመቶ አይደለም እንዴ?

ደረጀ፦ ክብደትና ጉልበት አታምታቺ። መኖው ደረቅ ነው፣ የዶሮዋ አካል ግን ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ጉልበት አይሰጥም።

ብርሃኑ፦ ወፍ ሰውነቷን ለማሞቅ ስለምታቃጥል እኮ ከፈጨችው ውስጥ ሥጋ የሚሆነው ከ3 በመቶ አይበልጥም።

ትዕግሥት፦ ይህን ለዶሮዎቼ ማን ይንገርልኝ!

ደረጀ፦ ብርሃኑ የሚለው በዱር ስለሚኖሩት ነው፤ እዚያ አብዛኞቹ አድገው የጨረሱ ናቸው። የአንቺዎቹ ገና እያደጉ ይታረዳሉ፣ መኖውም የተመረጠ ነው።



 

ሰላም፦ 10 በመቶ ሕግ ነው ወይስ ግምት?

ደረጀ፦ የብዙ ልኬቶች መካከለኛ ነው። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ኦደም በ1957 ስለ ፍሎሪዳው ሲልቨር ስፕሪንግስ ምንጭ ያወጣውን ተመልከቺ። በዓመት በአንድ ካሬ ሜትር የዕፅዋቱ የተጣራ ምርት 8,833 ኪሎ ካሎሪ ነበር፤ የዕፅ በሎቹ 1,478፣ የሥጋ በሎቹ 67፣ የላይኞቹ ሥጋ በሎች 6። አካፍለሽ ስታዪው 17፣ 4.5 እና 9 በመቶ ገደማ ነው። አንዱም በትክክል 10 አልመጣም።

ብርሃኑ፦ ሥጋ ከቅጠል ይልቅ በደንብ ይፈጫል ይባላል። ታዲያ 4.5 ምን ሊሆን ነው?

ደረጀ፦ መፍጨት ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው አልኩ እኮ! ከ1,478ቱ ወደ ሥጋ በሎቹ አካል የገባው 383 ነው፤ ከዚያ ላይ 316ቱ በትንፈሳ አለቀ።

ብርሃኑ፦ እንግዲያው ዋናው ጉድለት አድኖ መያዙና መፍጨቱ ላይ ነው፤ ከሺህ በላዩ እዚያው ቀርቷል።

ትዕግሥት፦ በመቶኛ አስበው እንጂ። 383 ከ1,478 ሩብ ያህል ነው፤ 67 ከ383 ግን ከአንድ ስድስተኛ ብዙም አይበልጥም። ትንፈሳው ይብሳል።

ብርሃኑ፦ እኔ የጠፋውን ነው የቆጠርኩት።