ላይን፣ ባር ወይስ ሠንጠረዥ? በራሱ ለሚላክ ሪፖርት

«በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት በራሱ የሚላክ ሪፖርት በፓይተን እየሠራሁ ነው። የየቀኑ ትዕዛዝ ብዛት፣ በምርት ዓይነት የተከፈለ ሽያጭና ያልተሳኩ ክፍያዎች አሉበት። ለየትኛው ላይን ቻርት፣ ለየትኛው ባር ቻርት፣ ለየትኛው ሠንጠረዥ ልጠቀም?»

ወንድሜ፣ በእጅህ የምትሠራው ሪፖርት ቢሆን ቻርቱ ካላማረህ ትቀይረዋለህ። በራሱ የሚላከውን ግን ከመሄዱ በፊት ማንም አያየውም። ስለዚህ ምርጫህን በዛሬው ዳታ ብቻ ሳይሆን ሊመጣ በሚችለው ክፉ ሳምንትም ሞክረው።

የየቀኑ ትዕዛዝ ላይን ይሁን፤ አንባቢው ማየት የሚፈልገው አካሄዱን ነው። ጣጣው የሚመጣው ቀን ሲጎድል ነው። ትዕዛዝ ላልነበረበት ቀን ዳታቤዙ ብዙ ጊዜ ረድፍ አይሰጥህም። ያኔ ላይኑ ቅዳሜን ከሰኞ ጋር ቀጥ አድርጎ ያገናኛል፤ እሁድም ደህና ገበያ የነበረ ይመስላል። ስለዚህ ቻርቱን ከመሣልህ በፊት ቀኖቹን ሙላ (ኢንዴክሱ `DatetimeIndex` መሆን አለበት)፦

```python
days = pd.date_range(start, end, freq="D")
orders = orders.reindex(days, fill_value=0)
```

ዜሮ የምትሞላው በእርግጥ ትዕዛዝ ካልነበረ ብቻ ነው። ዳታው ሳይገባ ቀርቶ ከሆነ `fill_value=0` የሚለውን አውጣው። ማትፕሎትሊብ ላይኑን እዚያ ጋ ይቆርጠዋል፤ አንባቢም ክፍተቱን ያያል።

`end` ደግሞ ትናንት ይሁን። ጠዋት የሚወጣ ሪፖርት የዛሬን ከጨመረ ላይኑ መጨረሻ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። አለቃ ደንግጦ ይደውላል፤ ነገሩ ግን ቀኑ ገና አለማለቁ ብቻ ነው።

በምርት ዓይነት የተከፈለው ሽያጭ ባር ነው። በጫማና በቦርሳ መካከል መስመር የሚያገናኘው ነገር የለም። ባሩ ከዜሮ ይጀምር፤ ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይ ብለህ ከመሃል ከቆረጥከው ትንሿ ልዩነት እጥፍ ልትመስል ትችላለች። የምርት ዓይነቶቹ ዛሬ ስድስት ቢሆኑም ነገ ሠላሳ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ ስሞቹ ይደራረባሉ። ከአሁኑ ትልልቆቹን አሥር ብቻ አስቀርና የቀረውን «ሌሎች» በሚል አንድ ባር ደምረው። ስሞቹ ረጃጅም ከሆኑ `barh` ተጠቀም።

ያልተሳኩ ክፍያዎች ሠንጠረዥ ናቸው፤ ምንም አያከራክርም። ያንን የሚያነበው ሰው የትዕዛዙን ቁጥር፣ የብሩን መጠንና ምክንያቱን ይዞ ወደ ሥራ ነው የሚገባው። አንድም ያልተሳካ ክፍያ በሌለበት ሳምንት ባዶ ሠንጠረዥ አትላክ፤ ሪፖርቱ የተበላሸ ይመስላል። «በዚህ ሳምንት ያልተሳካ ክፍያ የለም» ብለህ ጻፍ።

አንዳንዶች የቻርቱን ዓይነት በየሳምንቱ በዳታው ብዛት የሚመርጥ ኮድ ይጽፋሉ። እኔ አልወደውም። ባለፈው ሳምንት ባር የነበረው ዛሬ ሠንጠረዥ ሆኖ ሲመጣ፣ አንባቢው ምን ተፈጠረ ብሎ ቁጥሩን ትቶ ያንን ይፈልጋል። አንዴ ምረጥና አጽናው። ሁለት ባር ብቻ ቢቀር እንኳ ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው አንድ ነጥብ ብቻ ያለው ላይን ነው፤ ማትፕሎትሊብ ምንም ሳይሥል ባዶ ቻርት ይሰጥሃል። `plot` ውስጥ `marker="o"` ብትጨምር ያቺ ነጥብ ትታያለች።