የዱባይ የመብራት ቢል፦ አራቱ እርከኖች እና ከላይ የሚቀነሰው ዩኒት

ጥያቄ፦ «ዱባይ ቪላ ውስጥ ስምንት ሆነን እንኖራለን። የጁላይ ቢል 2,380 ድርሃም ሆኖ መጣብን፤ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። ወንድሜ 4,000 ዩኒት ካለፍን ሙሉው በውዱ ዋጋ ይታሰባል ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ጥፋቱ የእንጀራ ምጣዱ ነው ባይ ናት። ኤሲዎቹ 20 ላይ ናቸው፤ የሦስቱ መታጠቢያ ቤቶች የውሃ ማሞቂያም አይጠፋም። ምን ብንቀንስ ስንት ይቀንስልናል?»

መልስ፦ ወንድምዎ ተሳስተዋል። ፎቶው ላይ ከመብራቱ ክፍል ያሉትን ባለ ቀለም መስመሮች ይመልከቱ። የዱባይ የመብራትና ውሃ ባለሥልጣን፣ ዴዋ፣ ለመኖሪያ ቤት የሚያስከፍለው በአራት እርከን ነው፦ እስከ 2,000 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ዩኒት፣ ያለው አረንጓዴ በ23 ፊልስ፣ ከዚያ እስከ 4,000 ቢጫው በ28፣ እስከ 6,000 ብርቱካናማው በ32፣ ከ6,000 በላይ ቀዩ በ38 ፊልስ። አዲስ እርከን ውስጥ ሲገቡ የሚወደደው ከዚያ በኋላ የፈጁት ብቻ ነው፤ የታችኛው ዩኒት በቀድሞ ዋጋው ይቀራል። እንደ ደረጃ ነው፤ ሦስተኛው ላይ መቆም የመጀመሪያውን አያስወድደውም።

የእርስዎ ፍጆታ 4,650 ነው። የመጀመሪያው 2,000 460 ድርሃም፣ ሁለተኛው 2,000 560 ድርሃም፣ የተረፈው 650 ደግሞ 208 ድርሃም ይሆናል። ድምሩ 1,228 ነው። ከሥሩ የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ በእርስዎ ቢል 6 ፊልስ ነው፤ እሱ እርከን አያውቅም፣ እያንዳንዱ ዩኒት ላይ እኩል ይጫናል። 4,650 በ6 ፊልስ 279 ድርሃም። ሁለቱን ደምረው 5 በመቶ ቫት ሲጨምሩ 1,582 ድርሃም ከ35 ፊልስ ይመጣል። የነዳጁ ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ሌላ ቢል ሲያሰሉ በዚያ ቢል ላይ የተጻፈውን ይውሰዱ።

ታዲያ 2,380 ከየት መጣ? 500 ድርሃሙ የቤት ክፍያ ነው። የዓመት ኪራይ 5 በመቶው ለአስራ ሁለት ተከፍሎ በየወሩ በዚሁ ቢል ይሰበሰባል፤ 120,000 ድርሃም ለሚከራይ ቤት በወር 500 ማለት ነው። ቤቱን በጨለማ ቢያሳልፉትም አይቀንስም። ቀሪው የውሃና የፍሳሽ ነው። ስለዚህ ቁጠባዎን ከ2,380 ላይ ሳይሆን ከ1,582 ላይ ይጠብቁ። «ግማሽ ቀነስኩ፣ ቢሉ ግን ግማሽ አልሆነም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ቁጠባው። የሚቀንሱት ዩኒት ሁልጊዜ የሚነሳው ከላይኛው እርከን ነው። የመጀመሪያው 650 እያንዳንዱ 32 ሲደመር 6 ፊልስ፣ ከነቫቱ 40 ፊልስ ገደማ ያተርፍልዎታል። ከዚያ በታች ወደ ቢጫው ሲወርዱ አንዱ ዩኒት 36 ገደማ ይሆናል። በጃንዋሪ አረንጓዴው ውስጥ ብቻ ሲቀሩ ግን 30 ነው፤ ያው ቁጠባ በክረምት ያነሰ ገንዘብ የሚያመጣው ለዚህ ነው።

ከማሞቂያዎቹ ይጀምሩ፤ ምንም ምቾት አያጓድልብዎትም። በጁላይ ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር ፀሐይ ስለሚያገኘው የቀዝቃዛው ቧንቧ ውሃ ራሱ ይፋጃል። ሦስቱም ማሞቂያዎች ግን ማንም ሳይጠቀምባቸው ሙቀታቸውን ለመጠበቅ ሌት ተቀን ይበራሉ ይጠፋሉ። ለአንዱ በቀን 1.5 ዩኒት ብንይዝ በ31 ቀን ለሦስቱ 140 ገደማ፣ ማለትም 56 ድርሃም ነው። ማብሪያቸውን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። እንዲያውም ማሞቂያው ቤት ውስጥ ኤሲው በሚደርስበት ቦታ ከተሰቀለ፣ የጠፋው ማሞቂያ ውሃ ከጣሪያው ውሃ ቀዝቀዝ ይላልና ለብ ያለውን «ከሙቁ» መስመር፣ የሚፋጀውን «ከቀዝቃዛው» ያገኛሉ። ልጆች ካሉ ይህን ይንገሯቸው፤ በልማድ ቀዝቃዛውን ከፍተው እንዳይቃጠሉ።

ትልቁ ግን ኤሲው ነው። በእንዲህ ያለ ቤት በጁላይ ከፍጆታው ወደ 70 በመቶ፣ ማለትም 3,300 ዩኒት ገደማ እሱ ይወስዳል ብለን እንገምት። አንድ ዲግሪ ከፍ ማድረግ 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከ20 ወደ 24 ሲሄዱ 20 በመቶ፣ 660 ይሆናል። ሁሉም ክፍል እኩል ስለማይታዘዝ 600 እንያዝ። ማሞቂያው 140ውን ከብርቱካናማው ስለወሰደ የኤሲው 510 በ40 ፊልስ፣ ቀሪው 90 በ36 ይታሰባል፤ 236 ድርሃም ገደማ። በአንድ ላይ አዲሱ ፍጆታ 3,910፣ የመብራቱ ሂሳብ 1,291፣ ቁጠባው 291 ድርሃም ነው።

ግምቴን ግን በቤትዎ ቆጣሪ ይፈትኑት። ማታ 5 ሰዓት ላይ ሁሉም ሊተኛ ሲል ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ደግመው ያንሱና ይቀንሱ። አንድ ሌሊት በ20፣ በማግሥቱ በ24 ያድርጉት። ልዩነቱ ለምሳሌ 6 ዩኒት ቢሆን፣ ሌሊቱ ብቻ በወር 186 ነው፤ የቀኑ ይበልጣል። በመካከሉ ልብስ ማጠቢያም ምጣድም አይብራ፤ ሂሳቡን ያበላሸዋል።

ልዩነቱ ከምንም ባይቆጠር ኤሲው ራሱ ችግር አለበት። ኢንቨርተር ያልሆነ፣ ማለትም የውጪው ማሽን እየበራ እየጠፋ የሚሠራ ኤሲ ሌሊት 24 ላይ ሲሆን የውጪው ማሽን ማረፍ አለበት። ውጭ ወጥተው ያዳምጡ፤ ሳያቋርጥ የሚያጓራ ከሆነ 20ም 24ም ለእሱ አንድ ነው፣ የታዘዘው ጋ መድረስ አልቻለም። መጀመሪያ የውስጡን ማጣሪያ አውጥተው በውሃ ይጠቡ፤ በአሸዋው ወቅት በየሁለት ሳምንቱ። የውጪው ማሽን ክንፎች በአቧራ ከተደፈኑ ቴክኒሽያን ይጠባቸው። ንፋሱ ደካማ ሆኖ ቧንቧው ላይ በረዶ ከያዘና ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነ ጋዙ ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ ጋዝ ደግሞ አያልቅም፣ ያፈሳል እንጂ። ስለዚህ ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ብቻ ሞልቶ የሚሄድ ሰው አይክፈሉ።

ምጣዱን በተመለከተ ለባለቤትዎ ይህን ያሳዩዋቸው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በሳምንት ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ እንኳ 7 ዩኒት ነው፤ በወር 31፣ በድርሃም 12 ገደማ። እንጀራችሁን ጋግሩ። የምጣዱ አደጋ ቢሉ ላይ ሳይሆን ሶኬቱ ላይ ነው፦ 3,500 ዋት በ230 ቮልት ከ15 አምፔር በላይ ይስባል፣ የዱባይ ባለ ሦስት ጥርስ ሶኬት ግን ለ13 የተሠራ ነው። ፕላጉን ከጋገሩ በኋላ አጥፍተው ነቅለው ይዩት፤ ከጋለ ወይም ጥርሱ ሥር ፕላስቲኩ ከጠቆረ፣ በዚያ ሶኬትም ሆነ በኤክስቴንሽን መጠቀሙን ዛሬውኑ ትተው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ለብቻው ባለ 20 አምፔር መስመር በራሱ ማብሪያ እንዲያወጣላችሁ ያድርጉ።