የሻገተው ሽሮና የነቀዘው በሶ

«እትዬ፣ እኛ አዲስ አበባ ነን፣ አራት ሰው ነን። መንገድ ቢዘጋ ወይም ገበያ ቢጠፋ ለሦስት ሳምንት የሚበቃን ምግብ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ባለፈው ዓመት አስቀምጬ ሽሮው ሻገተ፣ በሶው ነቀዘ። ምኑ ጋ ተሳሳትኩ? ምን ብገዛስ ይቆይልኛል?»

እህቴ፣ ስህተቱ ከምግቡ አይመስለኝም። ሽሮም በሶም ጥሩ ስንቅ ናቸው። ባልትና ቤቴ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር አለ። ዱቄቱ ከወፍጮ ቤት ትኩስ ሆኖ ይመጣል። ሙቀቱ ሳይወጣ ጆንያ ወይም ባልዲ ውስጥ ይከደናል። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ስር ያልባል፣ ጠብታው ተመልሶ ዱቄቱ ላይ ይወርዳል። ሻጋታው ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ዱቄቱን ንጹሕ ጨርቅ ላይ በስሱ ዘርግተሽ አሳድሪው። በእጅሽ ስትነኪው ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ክደኚው።

ሽሮ ሌላም ችግር አለበት። ምጥኑ ውስጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በደንብ ካልደረቀ እርጥበቱን ለሽሮው ያወርሳል። ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ቅባቱ አየር ያገኘውና ጣዕሙ እየከረረ ይሄዳል። ስለዚህ ለስንቅ ሽሮውን 3 ኪሎ ብቻ አድርጊው። የቀረውን ጥራጥሬ ክክ አድርገሽ ያዢ። ቀይ ምስር ክክ በጣም እመርጣለሁ፣ ቶሎ ስለሚበስል ከሰልም ጋዝም ይቆጥባል። ሙሉ ሽምብራ ግን ረጅም እሳት ይፈልጋል፣ በችግር ቀን ደግሞ እሳቱም ውድ ነው።

ሽሮ ስትገዢ ከምን እንደተሠራ ጠይቂ። የጓያ ሽሮ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል። ለስንቅ አትያዢው።

መጠኑን እንሥራው። ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬና 30 ግራም ዘይት ብትይዢ ለአራት ሰው ለ21 ቀን 34 ኪሎ ገደማ እህል፣ 5 ኪሎ ጥራጥሬና 3 ሊትር ዘይት ይሆናል። እኔ ጥራጥሬውን ወደ 8 ኪሎ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ሥጋና እንቁላል ስለማይኖር። ከ34ቱ ኪሎ 10 በሶ፣ 8 ድርቆሽ፣ 16 ሩዝና ማካሮኒ ይሁን። በሶው እሳት አይፈልግም፣ በውኃ በጥብጠሽ ትጠጪዋለሽ፣ ወይም በዘይትና በጨው ታሺዋለሽ። መብራት ቢጠፋም ከሰል ባይኖርም ልጆችሽ ጠግበው ያድራሉ። ጤፍ እህሉ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ነቀዝም እምብዛም አይደፍረውም፤ ግን ወፍጮ፣ እርሾና ምጣድ ሁሉ መኖር አለባቸው። ለሦስት ሳምንት ስንቅ ለዚህ ነው የተውኩት።

ድርቆሽ ላይ እኔም ተቃጥያለሁ። አንድ ክረምት የደረቀ መስሎኝ ብዙ አሽጌ፣ መሃሉ እርጥብ ሆኖ ሁሉንም ደፋሁት። አሁን ቁራሹን ከወፍራሙ ቦታ እሰብረዋለሁ። «ቀጭ» ካላለ፣ ከታጠፈ፣ ወደ ፀሐይ ይመለሳል። የሚቻል ከሆነ ስንቁን በኅዳርና በታኅሣሥ አዘጋጂ፣ ፀሐዩም አየሩም ደረቅ ነው።

ክኩ መድረቁን በጨው ታውቂያለሽ። ደረቅ ጠርሙስ ሲሶውን ክክ ሙዪ። በምጣድ አሙቀሽ ያደረቅሽውንና የቀዘቀዘውን ጨው ሁለት ማንኪያ ጨምሪበት። ከድነሽ አንድ ደቂቃ ወዝውዢው፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት አስቀምጪው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ክኩ እርጥብ ነው፣ እንደገና ይሰጣ።

ስለ ነቀዙ፣ እንቁላሉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአሮጌ ጆንያ ወይም ጥጉ ውስጥ ካለፈው ዓመት የቀረ ዱቄት ካለበት ዕቃ ነው። ዕቃውን በፈላ ውኃ አጥበሽ ፀሐይ ላይ አድርቂው። ከዚያ እስከ አፉ ሙዪው። አየር ካጣ ነቀዙ ይሞታል። ጥብቅ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ወይም አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ጥሩ ነው። አንድ ትልቅ ዕቃ ከምትሞዪ የአንድ ሳምንቱን ለየብቻ አሽጊው፣ አንዱን ስትከፍቺ ሌላው አይነካም። የነቀዝ ክኒን ግን ቤትሽ ውስጥ አታስገቢ። የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ሌሊት ከተኛሽበት ክፍል አጠገብ መኖር የለበትም።

የሻገተ ካገኘሽ ጠርገሽ ወይም ቆልተሽ አታድኚው። የሻጋታው መርዝ በእሳት አይጠፋም፣ ለዶሮም አትስጪው።

በየዕቃው ላይ ያሸግሽበትን ቀን ጻፊ። በሶና ሽሮውን በስድስት ወር ውስጥ ብሉት፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ፣ በምትኩ አዲስ አስገቢ።